ስንት ሰው አየው? ስለ ቪዲዮ ማስታወቂያ አቈጣጠር



በስልካችሁ ዘፈን ወይም ድራማ ለማየት በከፈታችሁ ጊዜ ሳይጠሩት የሚመጣውን ማስታወቂያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ማስታወቂያው ብቅ እንዳለ ጣታችንን ወደ ማለፊያው እንልካለን፤ ጥቂቶች ደግሞ ስልኩን አስቀምጠው ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ማስታወቂያው ብቻውን ያወራል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን አንድ ቈጣሪ አለ። ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደ ተጀመረ፣ በስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደ ተተወ፣ ስንት ጊዜም እስከ መጨረሻው እንደ ደረሰ ይመዘግባል፤ ነጋዴውም ገንዘቡ ምን እንደ ሠራለት የሚነገረው ከዚሁ መዝገብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብሁት ከመዝገቡ ስለሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ነው፤ ይኸውም አማካይ የመመልከቻ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻ የተመለከቱት ምጣኔ፣ ለአንድ ሙሉ ዕይታ የወጣው ዋጋ ናቸው። ሦስቱም ክፍልፋዮች ናቸው። ስለዚህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላዕልና ታሕት ብለን የተማርነውን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ሊከተለኝ ይችላል። የነገሩም ችግር ያለው በላዕሉ ላይ ሳይሆን በታሕቱ ላይ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በቆቦ ከተማ የውሃ ፓምፕና ቱቦ ይሸጣል። የራያ ቆላ ማሽላው የዝናብን ፊት የሚጠብቅ ቢሆንም፣ ከመሬት በታች ግን ውሃ ስላለው በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ብዙ ነው፤ የአጎቴም ደንበኞች ከሮቢትና ከጎብዬ፣ እንዲሁም በዋጃ በኩል የሚመጡ እነዚሁ ገበሬዎች ናቸው። ዘንድሮ የሽንኩርቱ ተከላ ከመድረሱ በፊት 60 ሰከንድ የሚፈጅ ቪዲዮ አስቀርጾ በፌስቡክ ላይ ሊያስነግር ፈለገ። ለውጭ አገር ድርጅት በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ስለሌለው፣ እንደ ብዙ ነጋዴዎች ሁሉ፣ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ አስተዋዋቂ በመካከል ገብቶ እንዲያሠራለት 6,000 ብር ሰጠው።

ከ2 ሳምንት በኋላ ከአስተዋዋቂው አንድ ገጽ ሪፖርት መጣ። እንዲህ ይላል፦ ቪዲዮው 40,000 ጊዜ ታይቷል፤ አማካይ የመመልከቻ ጊዜ 15 ሰከንድ ነው፤ 8,000 ሰዎች ተመልክተው ጨርሰዋል፤ የአንድ ሙሉ ዕይታ ዋጋ 75 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚህም ጋር ለሁለተኛው ዙር 12,000 ብር እንዲላክ ይጠይቃል። አጎቴ ለዕቃ መግዣ ያስቀመጠው ገንዘብ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ወረቀቱን ሰጠኝና፣

«አንተ ልጅ፣ 8,000 ሰው ጨርሶ አይቶ 11 ሰው ብቻ እንዴት ይደውላል? ይህ ነገር ከሒሳብ ትምህርትህ ጋር ይስማማል ወይ?» አለኝ።

«ሙሉ ዝርዝሩን ያስልኩልኝና ልየው» አልሁት። አስተዋዋቂውም፣ ነገሩን ደብቆ ነበር ብዬ አልፈርድበትም፣ ዝርዝሩን በሠንጠረዥ አድርጎ ላከልን። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ቁጥሮች ለመቁጠር እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት 40,000 የሚለው የሰው ቁጥር አለመሆኑ ነው። ቪዲዮው በስክሪን ላይ መንቀሳቀስ የጀመረበት ጊዜ ብዛት ነው። አንድ ሰው ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ያጋጠመው እንደሆነ ሁለት ተብሎ ይቈጠራል። በፌስቡክ ላይ ደግሞ ቪዲዮ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በራሱ ነው፤ ሰው ገጹን ወደ ላይ ሲገፋ በዐይኑ ሥር ሲያልፍ፣ ድምፁም ተዘግቶ ሳለ፣ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ስለዚህ «ተጀመረ» ማለት «ተፈለገ» ማለት አይደለም።

ዝርዝሩን ስናጠናው 40,000ው ጅማሮ በአራት ተከፈለ። 16,000ው ሦስተኛው ሰከንድ ሳይሞላ ታለፈ፤ በአማካይ 1 ሰከንድ ብቻ ነው የቆየው። ሌላ 16,000 ደግሞ ከ3 ሰከንድ አልፎ 15ኛው ሳይደርስ ተተወ፤ አማካዩ 6 ሰከንድ ተኩል ነው። 6,000ው 15 ሰከንድን አልፎ ሳይጨርስ ቀረ፤ አማካዩ 20 ሰከንድ። 60ውን ሰከንድ በሙሉ የተጫወተው 2,000 ብቻ ነው።

እንግዲህ የታየውን ጊዜ በሙሉ እንደምር። 16,000 ሲደመር 104,000 ሲደመር 120,000 ሲደመር 120,000፤ ጠቅላላው 360,000 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ላዕላችን ነው። በ40,000 ጅማሮ ስናካፍለው 9 ሰከንድ ይደርሰናል። ታዲያ ሪፖርቱ 15 ሰከንድ ያለው ከምን አምጥቶ ነው? ታሕቱን ቀይሮ ነው። ሦስት ሰከንድ ሳይሞሉ የሸሹትን 16,000 ጅማሮዎች ከታሕቱ አውጥቶ፣ 360,000ውን በቀሪው 24,000 ላይ አካፈለው፤ 15 ሰከንድ ሆነ። ክፍል ውስጥ ዜሮ ያገኙትን ተማሪዎች ስም ከመዝገብ ሰርዞ የክፍሉን አማካይ ውጤት እንደ ማስላት ያለ ነገር ነው።

ይህ ስሕተት በአንድ አስተዋዋቂ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። ራሱ የፌስቡክ ድርጅት ለሁለት ዓመት ያህል ለዓለም ነጋዴዎች ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ሲያሳይ ኖሯል። በመስከረም 12 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ማለት ነው፣ ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ነገሩን አወጣው። ድርጅቱ ጠቅላላውን የመመልከቻ ጊዜ ወስዶ ያካፈለው ቪዲዮው ለተጀመረላቸው ሁሉ ሳይሆን 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ለተመለከቱት ብቻ ነበር። ፐብሊሲስ የሚባለው ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ለደንበኞቹ እንደ ገለጸው አማካዩ በዚህ ምክንያት ከ60 እስከ 80 ከመቶ ያህል ከፍ ብሎ ሳይታይ አልቀረም። ፌስቡክ ስሕተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቁጥሩንም አስተካከለ። ማስታወቂያ ከፋዮች ግን ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ጭማሪው ከተነገረው እጅግ የበለጠ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻም በ2012 ዓ.ም. ድርጅቱ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ይህን ከ60 እስከ 80 ከመቶ የሚለውን ብንመረምረው አንድ ደስ የሚል ነገር እናገኛለን። ላዕሉ በሁለቱም ስሌት አንድ ስለሆነ፣ የጭማሪው መጠን የሚወሰነው ሰዎቹ ስንት ሰከንድ እንዳዩ ሳይሆን ከመቶው ስንቱ ገና በመጀመሪያው እንደ ሸሸ ብቻ ነው። ከ100 ጅማሮ 40ው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ከተተወ ታሕቱ ከ100 ወደ 60 ይወርዳል፤ 100ን ለ60 ስናካፍል 1.67 ገደማ ይሆናል፤ ይህም የ67 ከመቶ ጭማሪ ነው። የአጎቴ ቪዲዮ የደረሰበት ይኸው ነው፤ 9 ሰከንድ 15 የሆነው በ67 ከመቶ አድጎ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስገርማል። ብዙ ሰው በጅማሮው የሚሸሽበት ማስታወቂያ በዚህ ስሌት ይበልጥ ይጠቀማል፤ መጥፎነቱ ራሱ ቁጥሩን ያሳድግለታልና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁጥር እንለፍ። ሪፖርቱ 8,000 ጨርሰዋል ይላል፤ እኛ ግን የጨረሰውን 2,000 ብቻ አግኝተናል። የልዩነቱ ምክንያት አንድ ዓምድ ነው። በፌስቡክ ሠንጠረዥ ላይ ThruPlay ተብሎ የተጻፈ ዓምድ አለ። ትርጉሙ፣ ቪዲዮው ከ15 ሰከንድ የሚያጥር ከሆነ ያለቀበት ጊዜ፣ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ግን 15 ሰከንድ የታየበት ጊዜ ማለት ነው። የአጎቴ ቪዲዮ 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓምድ የተጻፈው 8,000 ሩቡን መንገድ የሄዱትን ሁሉ የያዘ ነው፤ ከጨረሱት 2,000 ላይ 15ን አልፈው የቀሩት 6,000 ተደምረውበታል። አስተዋዋቂው ዓምዱን «ጨርሰዋል» ብሎ ተረጐመው። ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሮቢት ሲደርስ «ወልድያ ገባ» እንደ ማለት ነው።

በዩቲዩብም ቢሆን «ዕይታ» የሚለው ቃል የራሱ ልክ አለው። ከ5 ሰከንድ በኋላ ሊታለፍ በሚችለው ማስታወቂያ ላይ አንድ ዕይታ ተብሎ የሚቈጠረው ተመልካቹ 30 ሰከንድ ሲያይ ወይም፣ ማስታወቂያው ከዚያ ካጠረ፣ ሲጨርሰው፣ ወይም ነካ አድርጎ ሲከተለው ነው። እንግዲህ የፌስቡክን 3 ሰከንድና የዩቲዩብን 30 ሰከንድ ሁለቱንም «ዕይታ» ብሎ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው፣ ቁናን ከኩንታል ጋር አንድ ብሎ ይቈጥራል። ደግሞም ጨርሶ የማይታለፍ ዓይነት ማስታወቂያ አለ፤ እርሱን ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ጨረሰው ቢባል ሊያስደንቀን አይገባም። በሩ በተቈለፈ ክፍል ውስጥ ማንም ትምህርቱን አቋርጦ አይወጣም።

ምጣኔውም እንደ ታሕቱ ይለዋወጣል። 2,000ውን ለ40,000 ካካፈልን ከመቶ 5 ነው። ለ24,000 ካካፈልን ከ8 ይበልጣል። 15 ሰከንድ ለደረሱት ለ8,000 ብቻ ካካፈልን ከመቶ 25 ይሆናል። ሦስቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ። የመጨረሻው ለምሳሌ የቪዲዮውን ከ15ኛው ሰከንድ በኋላ ያለውን ክፍል ጥሩነት ለመመርመር ይጠቅማል። ስሙ ሳይነገር «የመጨረስ ምጣኔ 25 ከመቶ» ተብሎ ሲቀርብ ግን አጎቴን ያሳስታል።

ሦስተኛው ቁጥር፣ የሙሉ ዕይታ ዋጋ፣ ከሁለተኛው ይወለዳል። 6,000 ብር ለ8,000 ሲካፈል 75 ሳንቲም ነው፤ በእውነት ለጨረሱት ለ2,000 ሲካፈል ግን 3 ብር ነው። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በዝርዝሩ ውስጥ ተመልካቾቹ የሚገኙበት ክልል ተጽፎ ስለነበር ስናየው፣ ከ2,000ው ጨራሾች መካከል በአማራ ክልል የነበሩት 300 ያህል ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው። ማስታወቂያው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ስለ ተላከ ቆቦን የሚለይበት ምክንያት አልነበረውም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ፓምፕ የተነገረውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻ በደስታ ሊያየው ይችላል፤ ወደ አጎቴ ሱቅ ግን አይመጣም። ገንዘቡ ሁሉ የወጣው ለእነዚህ 300 ነው ብለን 6,000ውን ብናካፍል አንዱ ጠቃሚ ሙሉ ዕይታ 20 ብር ሆነ። 75 ሳንቲም የነበረው 20 ብር የሆነው አንድም ሳንቲም ሳይጨመር፣ ታሕቱ ብቻ ከ8,000 ወደ 2,000፣ ከዚያም ወደ 300 ስለ ወረደ ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያስ 11 ሰው መደወሉም ጥሩ ነው» አለ።

12,000 ብር አልላከም። በምትኩ 3,000 ብር ብቻ መድቦ ሁለት ቪዲዮዎችን እኩል ለእኩል እንዲፈትኑለት ጠየቀ፤ ማስታወቂያውም በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ስፍራ ላሉት ብቻ እንዲታይ አዘዘ። ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም፤ በማስታወቂያ ማዘዣው ገጽ ላይ ካርታ አለ፤ ከተማውን መርጦ ዙሪያውን በኪሎ ሜትር መወሰን ይቻላል።

አንደኛው ቪዲዮ የቀድሞው 60 ሰከንድ ነው፤ ነገር ግን እንደገና ተቈርጦ ተቀጠለ። የቀድሞውን መስመር፣ ማለት በየሰከንዱ ስንት ተመልካች እንደ ቀረ የሚያሳየውን፣ ስንመለከተው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች ውስጥ እንደ ገደል ይወርዳል። በእነዚያ 12 ሰከንዶች የሚታየው የሱቁ ሰሌዳና የመሰንቆ ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ፓምፑ ውሃ ሲተፋ የሚታየው በ40ኛው፣ የስልኩ ቁጥር የሚወጣው በ55ኛው ሰከንድ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚፈስበት ክፍል ወደ መጀመሪያው መጣ፤ የስልኩም ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በታችኛው ጠርዝ ላይ ተጻፈ። ድምፁ ተዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ስለሆነ የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ እንዲታይ ተደረገ። ሁለተኛው ቪዲዮ ከዚሁ የተወሰደ የ15 ሰከንድ አጭር ነው። በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ የስልክ ቁጥር ተጻፈ፤ አጎቴ ሁለት ሲም ካርድ ገዝቶ ሁለቱንም በአንድ ስልክ ውስጥ ስላስገባ፣ በየትኛው እንደ ተደወለ ስልኩ ራሱ ይነግረዋል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከሁሉ የሚረክስና ከሁሉ የሚታመን ቈጣሪ ይህ ነው።

ለእያንዳንዱ 1,500 ብር ወጣ፤ ሁለቱም 8,000 ያህል ጊዜ ተጀመሩ። አጭሩን 2,000 ጊዜ ጨረሱት፤ ምጣኔው ከመቶ 25፣ የአንዱ ሙሉ ዕይታ ዋጋ 75 ሳንቲም ነው። ረጅሙን 500 ጊዜ ጨረሱት፤ ምጣኔው ከመቶ 6 ትንሽ ይበልጣል፣ ዋጋው 3 ብር ነው። በዚህ ብቻ የፈረደ ሰው አጭሩ አራት እጥፍ ይሻላል ይላል፤ አስተዋዋቂውም ያለው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን 15 ሰከንድን መጨረስና 60 ሰከንድን መጨረስ አንድ ሥራ አይደለም። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ሁለቱን በአንዱ ሰከንድ ላይ አቁሞ ማየት ነው። በረጅሙ ቪዲዮ 15ኛው ሰከንድ ላይ ስንት ቀርቶ ነበር ብለን ብንጠይቅ 1,700 ነው። ለአጭሩ 2,000፣ ለረጅሙ 1,700፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከዚያ በኋላ አጭሩ ዝም ሲል ረጅሙ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥገናውና ስለ መለዋወጫው መናገሩን ቀጥሏል። አጭር ማስታወቂያ የመጨረስ ምጣኔው ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው፣ የሙሉ ዕይታውም ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው፣ መጨረሻው ቅርብ ስለሆነ እንጂ የግድ ስለሚወደድ አይደለም።

በስልክ በኩልስ? በአጭሩ ቁጥር 9፣ በረጅሙ ቁጥር 8 ሰዎች ደወሉ። ከአጭሩ ደዋዮች ወደ ሱቅ የመጣው 1 ነው፤ ብዙዎቹ የደወሉት ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ከረጅሙ ደዋዮች 4 መጡ። 1,500 ብርን ለ1 እና ለ4 ብናካፍል፣ ወደ ሱቅ ለመጣ አንድ ሰው በአጭሩ 1,500 ብር፣ በረጅሙ 375 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። አንድና አራት በጣም ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። በአንድ የገበያ ቀን ዝናብ ቢጥል ወይም አንዱ ገበሬ ወንድሙን አስከትሎ ቢመጣ ውጤቱ ይገለበጣል። 2,000ውና 1,700ው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚናወጡ አይደሉም። የዕይታ ቁጥር ጥቅሙ ይህ ነው፤ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል። የደዋዩ ቁጥር ደግሞ ለገንዘቡ ይቀርባል፤ ግን ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። አጎቴ ስለዚህ ረጅሙን መረጥሁ ብሎ አልደመደመም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ስልክ እንዲቀጥሉ አድርጎ በየሳምንቱ ይቈጥራል።

ስለ አገራችን ሁኔታ አንድ ነገር መጨመር ይኖርብኛል። በእኛ አካባቢ ቪዲዮ የሚተወው ስለ ተጠላ ብቻ አይደለም። ብዙው ሰው የሚያየው በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ እንዳያልቅበትም ማስታወቂያውን ቶሎ ያልፈዋል። ኔትዎርኩም ሲደክም ቪዲዮው ቆሞ ይዞራል፤ ተመልካቹም ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «በ8ኛው ሰከንድ ተወው» ተብለው አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። እኔ የምለይበት ዘዴ ይህ ነው፦ ቪዲዮው በአዲስ አበባም በቆቦም ከታየ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አደርጋለሁ። በሁለቱም ስፍራ በአንዱ ሰከንድ ላይ ከወደቁ ጥፋቱ በዚያ ሰከንድ የታየው ነገር ነው። የአዲስ አበባው ቀጥ ብሎ ሳለ የቆቦው እዚህም እዚያም የሚሸራረፍ ከሆነ ግን ጥፋቱን በኔትዎርኩ ላይ አደርጋለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደ ቆየ እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ የአካባቢያችን ሰው ከታሕቱም ከላዕሉም አብሮ ይወጣል። ምጣኔው ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊያምር ይችላል፤ ተመልካቾቹ ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሪፖርት ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር አይጠቅምም።

አንድ ዓይነት ቁጥር ደግሞ በእኛ ከተማ ከቶ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፌስቡክ፣ ማስታወቂያውን አይቶ ምንም ሳይነካ አልፎ፣ ኋላ ግን መጥቶ የገዛውን ሰው ለመቁጠር ይሞክራል። ይህ የሚሠራው ግዢው በድረ ገጽ ላይ ሲፈጸም ወይም ነጋዴው የሽያጩን መዝገብ መልሶ ሲልክለት ነው። ከአጎቴ ሱቅ ግን ገዢው ፓምፑን በእጁ መዝኖ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ከፍሎ ይሄዳል። ከቪዲዮው ጋር የሚያገናኘው ክር የለም።

ስለዚህ አጎቴ በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አኑሯል። ለገባው ሁሉ «ከየት ሰምተው መጡ?» ብሎ ይጠይቅና በአራት ዓምድ ይጽፋል፤ በመንገድ አልፎ፣ በአጭሩ ቪዲዮ፣ በረጅሙ ቪዲዮ፣ በሰው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ስገልጠው «በሰው» ከሚለው ሥር ከሌላው ይልቅ ብዙ ስም አየሁ። ካነጋገርናቸው መካከል ሁለት የጎብዬ ገበሬዎች ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ቪዲዮውን ያዩት ቡና ሲጠጡ በጎረቤታቸው ልጅ ስልክ ላይ፣ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ተሰብስበው ነው። በፌስቡክ መዝገብ ላይ እነዚህ ሰባቱ አንድ ጅማሮ ናቸው። አጎቴ አሁን ለደብተሩ አምስተኛ ዓምድ አስምሮለታል፤ «በሰው ስልክ ላይ» ይላል።